ጩኸት ሳትጠቀም ያስፈራችን ተራኪ፦ ምስጋናም ጥቆማም

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ የማመሰግናት ሰው አለችኝ። ስሟን አደባባይ ላይ እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ ድሮ የሬዲዮ ድራማ ትሠራ የነበረች ተራኪ ናት በሚለው ያዙልኝ። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጓደኛዬ ጋር የተዘጋ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚካሄድ የሚያስፈራ ጌም እየሠራን ነው። ጌሙ ሲከፈት ስክሪኑ ጥቁር ይሆንና አንድ ድምፅ ታሪኩን ይጀምራል። የዚያን መግቢያ ጽሑፍ እኔ ጻፍኩት። ደም ያለበት ግድግዳ፣ የሚጮሁ ሕፃናት፣ «ከዚህ የገባ አልወጣም» ምናምን። ሁለት ገጽ ሞላሁ። በጣም ኮርቼበትም ነበር።

እሷ አንብባ ስትጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። «የሚያወራው ማነው?»

መልስ አልነበረኝም። ማንም አልነበረም የሚያወራው። «እንግዲያው ማን ይፈራል?» አለች። ሲጮህ የሰማነው ሰው ያስደነግጠናል፤ እንደ ተራ ነገር የሚያወራ ሰው ግን ያስፈራናል አለችኝ። ከዚያ ሁለቱን ገጽ ትተን ተራኪውን የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አደረግነው። ከተዘጋም በኋላ ግቢውን የሚጠብቁ ሽማግሌ።

ዘበኛው ሌላም ችግር ፈታልን። አማርኛ ጌም የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ተጫዋቹን «ግባ» ስትሉት ሴቷ ትቀራለች፣ «ግቢ» ስትሉ ወንዱ። «ይግቡ» ካላችሁ ደግሞ ባንክ ቤት የገባችሁ ይመስላል። ዘበኛው ተጫዋቹን ጭራሽ አያዙትም፤ ያዩትን ብቻ ነው የሚናገሩት። ተማሪዎቹም በስም ሳይሆን በተራ ቁጥር ይጠራሉ። የመጨረሻው ጽሑፍ ይኸው፦

«ደወላችን የመኪና ቸርኬ ነው። ጥዱ ዛፍ ላይ ተሰቅሏል። ትምህርት ቤቱ የተዘጋ ዕለት መምቻውን ብረት ቤቴ ወስጄ አልጋ ሥር አስቀመጥኩት። ድሮ የምደውለው ጠዋት ሁለት ሰዓት ነበር። አሁን ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ይደወላል። የሰፈር ልጆች ናቸው ብዬ ነበር። ልጆች በድንጋይ ነው የሚመቱት። ይሄ በብረት ነው። ከዚያ አራተኛ ቢ ክፍል ውስጥ ቁጥር ይጠራል። አንድ። አቤት። ሁለት። አቤት። መዝገቡን አውቀዋለሁ፣ አርባ አንድ ልጆች ነበሩ። ጥሪው ግን አርባ አንድ ላይ አያቆምም።»

ደም የለም፣ የሞተ ሰው የለም። ብረቱ አልጋ ሥር መሆኑን ሰምታችሁ ስታበቁ ደወሉ በብረት ተመታ ሲባል ግን ሁለቱን ራሳችሁ ታያይዛላችሁ። እኔ በረቂቄ ላይ «ብረቱን ማን ወሰደው?» የሚል ዓረፍተ ነገር ጨምሬ ነበር። ሰረዘችው። ተጫዋቹ በራሱ የሚደርስበትን ከነገርከው የሱን ፍርሃት ቀማኸው ማለት ነው አለች።

አሁን ወደ ድምፁ ልምጣ፤ ልቤን የነካው ይሄኛው ነው። «ቁጥር ይጠራል» የሚለው ጋ ስትደርስ ቆመችና «ጠብቆ ነው ላልቶ?» አለችኝ። ጽሑፉ ላይ አንድ ነው። ሲላላ አንድ ሰው ቁጥር እየጠራ ነው። ሲጠብቅ ቁጥሩ እየተጠራ ነው፣ ጠሪው ግን የለም። ሁለቱንም ቀዳችና አሰማችን። የላላው ላይ መምህር በዓይነ ኅሊናችን መጣ። የጠበቀው ላይ ባዶ ክፍል። የጠበቀውን ወሰድን። ከዚያ ወዲህ ለተራኪ የምሰጠውን ጽሑፍ የሚጠብቁት ፊደሎች ላይ ነጥብ ሳላደርግ አልልክም።

አነባበቧ ዝግ ያለ ነው። ጽሑፉ መቶ ቃል እንኳ አይሞላም፤ እሷ ግን ከደቂቃ በላይ ወሰደችበት። በተለይ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ ከግሱ በፊት ትንሽ ትንፋሽ ትይዛለች። «አሁን ማታ ሁለት ሰዓት ላይ...» ብላ ስታቆም ልባችሁ ይንጠለጠላል። ድምፅዋን ግን አታወፍርም፣ አታንሾካሹክም። ሽማግሌው ቡና ላይ የሚያወሩ ነው የሚመስለው። ሴት ሆና የሽማግሌ ዘበኛ ድምፅ እንዴት እንዳወጣች አትጠይቁኝ፤ ዝቅ አድርጋ፣ ከደረቷ፣ አንዳንዱን ቃል እየጎረደች። የሬዲዮ ድራማ ያሳደገው ሰው ነዋ።

ቀረጻው የተካሄደው ሳሎኗ ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ ሁለት ጋቢ ሰቅላ፣ ፍሪጁን ነቅላ፣ ሁላችንንም ጫማ አስወለቀችን። ንባቡ ሲያልቅ ዕቃ ማንሳት ስንጀምር «ቁጭ በሉ» አለች። ማይኩ እንደበራ አንድ ደቂቃ ሙሉ ዝም አስባለችን። የክፍሉን ጸጥታ እየቀዳች ነበር። እኔ መጀመሪያ ሙድ የያዘችብን መስሎኝ ነበር።

ጥቅሙ ኤዲት ስናደርግ ገባን። በቃላት መሀል ያለውን ክፍተት ኮምፒውተሩ ላይ ዝም ብላችሁ ካጠፋችሁት በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማው ሰው ድምፁ የተቋረጠ ይመስለዋል። እውነተኛ ክፍል እንደዚያ ዝም አይልም፤ ትንሽ ይተነፍሳል። ስለዚህ ያንን የአንድ ደቂቃ ጸጥታ ከትረካው ሥር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዘረጋነው። ከዚያ እሷው በስልክ አንድ ሐሳብ ሰጠችን፤ «ጥሪው ግን አርባ አንድ ላይ አያቆምም» ከሚለው በኋላ ጸጥታውንም ቁረጡት አለችን።

ቆረጥነው። የክፍሉ ትንፋሽ ቀጥ አለ። ከዚያ «አርባ ሁለት» የሚል ድምፅ፣ ከዚያ ምንም። ስክሪኑ ላይ `E` የሚል ቁልፍና ከጎኑ አንድ ቃል ይመጣል፦ «አቤት»። ጌሙ የሚጀምረው ተጫዋቹ ሲጫነው ነው። «ማታ ማን እንደሆነ ሳታውቅ አቤት አትበል» የሚሉ አያት ያሳደጓችሁ ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባችኋል። ለስድስት ጓደኞቻችን አስሞከርናቸው። አራቱ እጃቸውን ከኪቦርዱ አነሱ። አንደኛው «እኔ አልጫንም፣ አንተ ተጫን» ብሎኝ ጭቅጭቅ ሆነ። በድሮው ሁለት ገጽ ጽሑፌ ጊዜ እነዚሁ ልጆች ስልካቸውን እያዩ ነበር የጠበቁት።

እንከኗንም ልናገር፣ ጥቆማ ነውና። ቶሎ የሚያልቅ ሥራ ከፈለጋችሁ እሷ አትሆንም። ለኛ መቶ ቃል ሦስት ጊዜ ቀጠሮ ይዛለች። ጽሑፋችሁን ሳታነብ ዋጋ አትናገርም፤ ካልወደደችው ደግሞ ፊት ለፊት ትነግራችኋለች፣ ሆድ የሚብሳችሁ ካላችሁ ተዘጋጁ። የማስታወቂያ ድምፅ አትሠራም፣ ጠይቀናት ስቃ ዝም አለች። ሌላው፣ የቤቷ ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሆነ ክረምት ላይ ቀጠሮ የሚያዘው ለጠዋት ብቻ ነው። ከሰዓት ደመና ካየች ራሷ ደውላ ትሰርዛለች። የኛ ሁለተኛው ቀጠሮ እንደዚያ ነው የቀረው፤ እኛ ታክሲ ውስጥ ሆነን።

እትዬ፣ ይህንን ልጅሽ ካነበበችልሽ፣ እናመሰግናለን። የሁለተኛው ክፍል መግቢያም እየተጻፈ ነው። በዚህኛው የሚያወራው ማን እንደሆነ ቀድመን አስበናል።