ራሴን ሳያመኝ «ማይግሬን ነው» ላሉኝ ሐኪም

ሁለት ዓመት ከአራት ወር ወለሉ እንደ ጀልባ ሲወዛወዝብኝ ኖሬያለሁ። ይህን የምጽፈው ዛሬ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ በእግሬ ሄጄ፣ አንድም ግድግዳ ሳልደገፍ ከተመለስኩ በኋላ ነው። ምስጋናዬ ለአንዲት የነርቭ ሐኪም ነው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለጠየቁኝ ዶክተር እያልኩ እጽፋለሁ።

መምህርት ነኝ። ሕመሙ መጀመሪያ የያዘኝ ክፍል ውስጥ ነው። ጠመኔው በእጄ እንዳለ ሰሌዳው ወደ ግራ ሄደብኝ። ልጆቹ ወንበር አመጡልኝ፤ የመስኮቱ ብርሃንና የእነርሱ ድምጽ ግን እንደ መርፌ ወጋኝ። እስከ ማታ አልተወኝም። ራሴን ግን አላመመኝም፤ ለዚህም ነው ማንም ማይግሬን ብሎ ያልጠረጠረው።

ከዚያ በኋላ ያልሄድኩበት የለም። አንዱ ቦታ የአንገት ዲስክ ነው ብለው የአንገት ማሰሪያ አስገዙኝ፤ ሦስት ወር ታንቄ ዋልኩ። ሌላው ቦታ ደም ማነስ ነው ተባልኩ፤ ምርመራው ደሜ ደህና ነው እያለ። አንድ ባለሙያ ደግሞ የጆሮሽ ጠጠር ከቦታው ተነቃንቋል ብሎ አልጋ ላይ አንገቴን እያዞረ ስድስት ጊዜ ጣለኝ፤ ስድስቱንም ጊዜ እያስመለሰኝ ወጣሁ። በብድር የተነሳሁት ኤምአርአይ «ምንም የለም» ሲል ደስ ሊለኝ ሲገባ አለቀስኩ። ከሁሉ የመረረኝ ግን ገና ሳልቀመጥ «ጭንቀት ነው፣ ባል አግቢ» ብሎ የሸኘኝ ነው። ለማዞር የሚሰጠውን ክኒን እየደጋገሙ ጻፉልኝ፤ ስምንት ወር ዋጥኩት፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ከማለት በቀር ያየሁት ለውጥ አልነበረም።

ወደ ዶክተር የሄድኩት በእህቴ ግፊት ነው፤ ተስፋዬ አልቆ ነበር። ስገባ ዓይኔን ጨፈን አድርጌ ነበር መሰለኝ። ዶክተር አንድ ቃል ሳይናገሩ ተነስተው የጣሪያውን መብራት አጠፉ፣ መጋረጃውን ሳቡ፣ ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠግተው ተቀመጡ። «አሁንስ ይሻልሻል?» አሉኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ብርሃኑ እንደሚያመኝ ሳልነግረው ያየ ሰው እርሳቸው ብቻ ናቸው። ይህችን ደቂቃ አልረሳትም።

ከዚያ ጥያቄ ጀመሩ። «ሲይዝሽ ምን ያህል ይቆያል? ሰከንድ ነው፣ ደቂቃ ነው፣ ወይስ ቀን?» ይህንን ከዚያ በፊት ማንም አልጠየቀኝም። አጭሩ አርባ ደቂቃ፣ ረጅሙ ሁለት ቀን ሊሞላ ትንሽ እንደቀረው ነገርኳቸው። የጆሮ ጠጠር ቢሆን አልጋ ላይ ስገላበጥ ወይም ቀና ስል ለሰከንዶች ያህል ብቻ አዙሮኝ እንደሚተወኝ አስረዱኝ። ጆሮዬ እየጮኸ መስማቴ ቢቀንስ ደግሞ ሌላ የጆሮ ሕመም ይጠረጥሩ ነበር። የእኔ መስማት ደህና ነው።

ቀጥለው «ልጅ ሆነሽ መኪና ያምሽ ነበር?» አሉኝ። እንዴት አወቁ! ከደሴ አዲስ አበባ ስንመጣ እናቴ ሎሚ አፍንጫዬ ላይ ይዛ፣ ፌስታል ጭኔ ላይ ዘርግታ ነበር የምታደርሰኝ። «እናትሽስ ራሷን ያማት ነበር?» ሲሉኝ ደግሞ ዝም አልኩ። እናቴ በወር አንድ ሁለት ቀን ሻሿን ግንባሯ ላይ ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ በሩን ዘግታ ጨለማ ውስጥ ትተኛ ነበር። እኛ ልጆቹ ድምጻችንን ቀንሰን እንጫወት ነበር። ነፍሷን ይማር፣ ሕመሟ ስም ሳይሰጠው የሞተች ሰው ናት። ያኔ ትዝ አለኝ፤ እኔም በሃያዎቹ ዕድሜዬ ግማሽ ራሴን ይወቅረኝ ነበር። ከዚያ ተወኝ፣ እኔም ረሳሁት።

ዶክተር ስሙን የነገሩኝ ያኔ ነው፤ ቬስቲቡላር ማይግሬን። ማይግሬን የራስ ምታት ብቻ አይደለም አሉኝ፤ በአንዳንድ ሰው ሚዛንን ይነካል፤ ራስ ምታቱ በወጣትነት መጥቶ ሄዶ፣ ማዞሩ ከዓመታት በኋላ ብቻውን ሊመጣ ይችላል። በደም ምርመራም በኤምአርአይም አይታይም፤ ኤምአርአዩ የሚነሳው ሌላ ነገር አለመኖሩን ለማየት ነው። የሚታወቀው በታሪኩ ነው። ሐኪሞች መለኪያውን በስምምነት ያወጡት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ነው፤ ቢያንስ አምስት ጊዜ የመጣ፣ ከአምስት ደቂቃ እስከ ሦስት ቀን የሚቆይ ማዞር፣ ማይግሬን የነበረበት ወይም ያለበት ሰው፣ ከግማሽ ባላነሰው ጊዜ ደግሞ ራስ ምታት ወይም ብርሃንና ድምጽ መጥላት ወይም ዓይን ላይ ብልጭልጭታ አብሮ የሚመጣበት። ስለ ነርቮቹ የነገሩኝን ቀሪውን አልያዝኩትም።

መድኃኒት ከመጻፋቸው በፊት «አስም አለብሽ?» አሉኝ። አለብኝ። በወረቀቱ ላይ የጀመሩትን ፕሮፕራኖሎል ሰርዘው፣ ለአስም እንደማይስማማ ነግረውኝ፣ አሚትሪፕቲሊን አስር ሚሊግራም ማታ ማታ አዘዙልኝ። «አፍሽ ይደርቃል፣ ጠዋት ጠዋት ይከብድሻል። ስድስት ሳምንት ሳይሞላ አልሠራም ብለሽ እንዳትጥይው» አሉ። እንዳሉት ሆነ፤ የተሻለኝ በሰባተኛው ሳምንት ገደማ ነው።

ደብተርም አስያዙኝ። የያዘኝን ቀን፣ የጀመረበትንና የተወኝን ሰዓት፣ የተኛሁትን ሰዓት፣ የበላሁትን፣ የወር አበባዬን። በሁለት ወር 11 ጊዜ ተመዘገበ። ዶክተር ቀይ ብዕር አንስተው ሲያሰምሩበት ስምንቱ በሁለት ነገር ላይ ወደቁ፤ የወር አበባዬ ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ እና እስከ ቀኑ 9 ሰዓት በምጾምባቸው ቀናት። በዘወትር ቀን ጠዋት አቦል ቶና እጠጣ ነበር፤ በጾም ቀን ደግሞ እስከ ከሰዓት በኋላ ውሃ እንኳ አልቀምስም ነበር። ጾም ተዪ አላሉኝም፤ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ አሉኝ። የንስሐ አባቴም ጠዋት ውሃና ትንሽ ቁርስ እንድቀምስ ፈቀዱልኝ። ቡናዬን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት አንድ ስኒ ብቻ አደረግሁት።

የማዞሩ ድግግሞሽ ከቀነሰ በኋላ ወደ አንዲት ፊዚዮቴራፒስት መሩኝ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈች አንዲት ፊደል ላይ ዓይኔን ተክዬ አንገቴን ግራና ቀኝ ማዞር ነው፤ መጀመሪያ ሠላሳ ሰከንድ። በመጀመሪያው ሳምንት አለቀስኩ። ዶክተርም ቀድመው ነግረውኝ ነበር፤ በኃይል በሚያዞርበት ወቅት ይህንን ልምምድ ቢጀምሩት ያባብሳል።

ዳንኩ አልልም። በሁለት ወር አንዴ ይመጣል፤ ግን ጨለማ ክፍል ገብቼ ተኝቼ በሦስት ሰዓት ውስጥ ይተወኛል። እናንተም ድንገት ሲያዞራችሁ ፊታችሁ ከተጣመመ፣ አንደበታችሁ ከተሳሰረ፣ አንድ ወገናችሁ ከደከመ ወይም መቆም ካቃታችሁ ማይግሬን ነው ብላችሁ እንዳትተኙ፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ይህን ዶክተር አጥብቀው ነግረውኛል።

ስንቱ ሰው ነው እንደ እኔ አንገቱን ታስሮ፣ ጭንቀት ነው ተብሎ ቤቱ የተቀመጠው? እባካችሁ፣ ማዞሩ እየመጣ እየሄደ ለሚያስቸግራችሁና ብርሃንና ድምጽ ለሚያስጠላችሁ፣ የነርቭ ሐኪም ሳታዩ ዝም አትበሉ። እኔ ያገኘኋቸውን ዶክተር ማየት የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ የሚያክሙበትን ቦታና ቀናቸውን እናገራለሁ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ ዶክተር። የምትሄዱ ሰዎች ደብተራችሁን ከአሁኑ ጀምሩና ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ ሲይዛችሁ ምን ያህል እንደሚቆይ ነው።