ፓምፕ ሻጭ በኢንተርኔት ስትፈልጉ፦ ማውጫው፣ ማፑ ወይስ የንግድ ፈቃዱ?

የበጋ መስኖ ሲቃረብ ከደብረ ማርቆስ፣ ከቢቸና፣ ከመርዓዊ ተመላልሶ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ይሄ ድርጅት ኢንተርኔት ላይ ወጥቷል፤ ቀብድ ልላክለት?» መውጣቱ ብቻ ምንም አይነግርም። ወሳኙ የት ነው የወጣው፣ የጻፈውስ ማነው የሚለው ነው። አንድ ሻጭ በሦስት ቦታ ሊገኝ ይችላል፦ በንግድ ማውጫ ድረ ገጾች፣ በጉግል ማፕ እና በመንግሥት የንግድ ፈቃድ መዝገብ በ etrade.gov.et። ከብር በፊት የሚታመነው መዝገቡ ነው። ማፑ ይከተላል። ማውጫው ስልክ ቁጥር ለማግኘት ያህል ይጠቅማል፣ ከዚያ አያልፍም።

ከማውጫው እንጀምር፤ ሰው በብዛት የሚታለለው እዚያ ነው። በአብዛኞቹ ማውጫዎች ተራውን ምዝገባ ማንም በነፃ ይሞላዋል፤ ከላይ ተርታ መቀመጥና በትልቁ መታየት ግን በክፍያ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ድርጅት የተሻለ ስለሆነ ሳይሆን ስለከፈለ ሊሆን ይችላል። «የተረጋገጠ» የሚለው ምልክትም ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ኢሜይል ወይም ስልክ መለሰ ማለት እንጂ ሱቁን ሄዶ ያየ አለ ማለት አይደለም።

ሌላው ችግር መገልበጥ ነው። ማውጫዎቹ አንዱ ከሌላው ስለሚቀዱ፣ ድርጅቱ አራት ቦታ ተጽፎ ስታዩ አራት ምስክር ያገኛችሁ ይመስላችኋል። ለማጣራት ስልክ ቁጥሩን በትዕምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጋችሁ ጉግል ላይ ፈልጉ። በሁሉም ገጽ አንድ ዓይነት የፊደል ስህተት፣ አንድ ዓይነት መግለጫ ከወጣ ምስክሩ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ምናልባት ከዓመታት በፊት የተዘጋ ሱቅ ይሆናል። «በ2008 የተመሠረተ» የሚለውንም በጥርጣሬ እዩት። በእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጅ? ልዩነቱ ሰባት ስምንት ዓመት ነውና ጀማሪውን አንጋፋ ያስመስላል።

ስልኩ ራሱ ይናገራል። የጎጃም መደበኛ ስልክ በ058 ይጀምራል፣ የአዲስ አበባና የዙሪያዋ በ011። አድራሻው «ደብረ ማርቆስ» እያለ ያለው መደበኛ ስልክ የ011 ብቻ ከሆነ፣ ሱቁ ያለው እዚያ ሳይሆን አይቀርም፤ ማርቆስ ያለው ቢበዛ የሚያገናኝ ሰው ነው። ይህ በራሱ ማጭበርበር አይደለም። ግን ፓምፑ ሲበላሽ ጥገናው 300 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው ማለት ነው፤ የዋጋ ድርድሩ ከዚህ መነሳት አለበት። የ09 እና የ07 ቁጥር ስለ ቦታ ምንም አይናገርም።

ማፑ የሚሻለው ደንበኛ ፎቶ ስለሚለጥፍበት ነው። ሆኖም ማንም ሰው ቦታ መጨመር፣ ስልኩንም እንዲቀየር ሐሳብ ማቅረብ ይችላል፤ ስለዚህ ትክክለኛ ሱቅ ላይ የሌላ ሰው ስልክ ሊለጠፍ ይችላል። በገጹ ላይ «Own this business?» ወይም «Claim this business» የሚል ካያችሁ ባለቤቱ ገና አልተረከበውም፤ ስልኩን ያስገባው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። አስተያየቶቹን «Newest» በሚለው ደርድሯቸው። በአንድ ሳምንት ውስጥ የተደረደሩ «በጣም አሪፍ» የሚሉ ባለ አምስት ኮከቦች ዋጋ የላቸውም። «የፓምፑ ሲል ተበላሽቶ ሁለት ሳምንት አስጠበቁኝ» የሚል ባለ ሦስት ኮከብ ግን ወርቅ ነው፦ ሱቁ አለ፣ ዕቃ ይሸጣል፣ መለዋወጫም ዘግይቶ ቢሆን ያመጣል። ሲል ማለት ፓምፑ ውሃ እንዳያፈስ፣ አየርም እንዳያስገባ የሚዘጋው ክፍል ነው።

ወደ መዝገቡ ስንመጣ የሚያስፈልገው የሻጩ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ማለትም ቲን ነው፤ አሥር አሃዝ አለው። ሻጩ ካልሰጠ ከእሱ የገዛ ሰው ያለውን የካሽ ሬጂስተር ደረሰኝ ጠይቁ፤ ከላይ ታትሟል። ቲኑን እንደ ምሥጢር የሚደብቅ ነጋዴ ካጋጠማችሁ ንግግሩን እዚያው አቁሙ። ቁጥሩን etrade.gov.et ላይ በፈቃድ ማረጋገጫው ስታስገቡ የፈቃዱ ባለቤት ስም፣ የንግድ ስሙ፣ የሥራ ዘርፉ፣ አድራሻውና የታደሰበት ዘመን ይታያሉ። ክፍያ የለውም። ፈቃድ የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ስለሆነ፣ በመስከረም ገና ያላደሰ ነጋዴ ሕገ ወጥ አይደለም። በየካቲትም ያላደሰ ከሆነ ግን ለምን እንደሆነ ያስረዳ።

አንድ ጉዳይ በአሃዝ እንየው፤ ዋጋዎቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው። ባለ 3 ኢንች የቤንዚን ፓምፕ ማርቆስ ሱቅ ውስጥ 30,000 ብር ነው እንበል። ማውጫ ላይ ያለ ድርጅት በ22,000 አለኝ፣ «ብቸኛ ወኪል ነኝ»፣ ግማሹን ቀድማችሁ ላኩ ይላል። አድራሻው ደብረ ማርቆስ ቀበሌ 03፣ ስልኩ 011። ቲኑን ሰጠ። መዝገቡ ሲታይ ፈቃዱ አለ፣ ታድሷልም፤ ዘርፉ ግን የግንባታ ዕቃ ችርቻሮ፣ አድራሻውም አዲስ አበባ ነው። እስከዚህ ድረስ ምናልባት ማብራሪያ ይኖረዋል። ቀጥሎ በባንክ መተግበሪያ ሒሳቡን ስታስገቡ፣ «አረጋግጥ» ከማለታችሁ በፊት የሚወጣው ስም በፈቃዱ ላይ የሌለ ግለሰብ ነው። እዚህ ላይ ይቆማል። የሌላ ሰው ቲን አምጥቶ መስጠት ቀላል ነው፤ የባንክ ሒሳቡን ስም ማስመሰል ግን ከባድ ነው። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ ብሩ በማኅበሩ ስም ወደተከፈተ ሒሳብ ይግባ። የግለሰብ ነጋዴ ከሆነ የሒሳቡ ስም ፈቃዱ ላይ ካለው የባለቤት ስም ጋር ይግጠም፤ የሱቁ ስም ሌላ ቢሆን ችግር የለውም።

«ብቸኛ ወኪል» የሚለው የሚፈተሸው በማውጫው ሳይሆን በፓምፑ አምራች በራሱ ድረ ገጽ ላይ ባለው የወኪሎች ዝርዝር ነው። ከዚያ ይልቅ ፈጣኑ ስልክ መደወልና «የሜካኒካል ሲሉ ለብቻው ስንት ነው? ውሃውን የሚገፋው ኢምፔለሩስ?» ማለት ነው። ዕቃውን በእውነት የሚያስገባ ሰው ዋጋውን ወዲያው ወይም ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይነግራችኋል። ተመሳስሎ የተሠራ ዕቃ የሚሸጠው ግን «ይሄ አይበላሽም» ይላል። ይበላሻል። አሸዋ ያለበት የወንዝ ውሃ ሲሉን ይበላዋል፣ አየር ይገባል፣ ፓምፑ መሳብ ያቆማል። የአስመሳዩ ሲል መጠን ከዋናው ጋር ካልገጠመ ደግሞ ሙሉውን ፓምፕ መጣል ነው። ያኔ የተረፈው 8,000 ብር የትም አይደርስም፤ ቃሪያውም ሽንኩርቱም በዚያው ሳምንት ይጠወልጋል።

መዝገቡም ገደብ አለው። ፈቃድ መኖሩ ዕቃው ጥሩ ነው አያሰኝም፤ ሱቁ ዛሬ ክፍት መሆኑንም አይናገርም። ለዚያ ማፑ ላይ በቅርብ የተነሳ ፎቶ ወይም ማርቆስ ያለ ዘመድ ይሻላል። ቅርንጫፍ አለን ካሉ የቅርንጫፉን ፈቃድ ጠይቁ፤ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም መላክ ለእነሱ የደቂቃ ሥራ ነው። የመዝገቡን ገጽ ስክሪንሾት አንስታችሁ አስቀምጡ፤ ዕቃውን ስትረከቡ ደረሰኙ ላይ ያለው ቲን ከስክሪንሾቱ ጋር ካልገጠመ ቀሪውን ግማሽ አትክፈሉ።