የተረፈ ዳቦ፦ ፍሪጅ ወይስ ፍሪዘር?

ፍሪጅ ሻጋታን ያዘገያል፤ ዳቦውን ግን ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠው ቀድሞ ያደርቀዋል። የዳቦ መድረቅ እርጥበት ከማጣት ብቻ የሚመጣ አይደለም። ሲጋገር ውሃ ጠጥቶ የለሰለሰው የዱቄቱ ስታርች፣ ዳቦው ከቀዘቀዘ በኋላ ቀስ በቀስ ተመልሶ ይጠጥራል። ይህ በጣም የሚፈጥነው ደግሞ ከ0 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ባለ ቅዝቃዜ፣ ማለትም ልክ በፍሪጅ ሙቀት ነው። በላስቲክ ጥብቅ አድርገው ቢጠቀልሉትም ከመጠንከር አያድነውም።

ፍሪዘር ውስጥ፣ -18 ዲግሪ ላይ፣ ይህ ሂደት ሊቆም ምንም አይቀረውም። ግን ፍሪዘር የደረቀውን አያድስም፤ ዳቦው በገባበት ሁኔታ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ጠዋት የተጋገረ ዳቦ ግማሹ እንደሚተርፍ ካወቁ ማታውኑ ያስገቡት። መጀመሪያ ውስጡ ድረስ ይብረድ፤ ለብ እንዳለ ከታሸገ እንፋሎቱ ላስቲኩ ውስጥ በረዶ ይሠራል። ከዚያ ቆራርጠው ላስቲክ ውስጥ ይክተቱት፣ አየሩን በእጅ ገፍተው አውጥተው ላስቲኩን ይቋጥሩት። ቁራጮቹ ላይ ነጣ ያለ ደረቅ ቦታ ካዩ አየር ገብቷል ማለት ነው።

ሲፈለግ ቁራጩ በረዶው ሳይለቅ በቀጥታ ቶስተር ውስጥ ይገባል። ሙቀቱ ስታርቹን እንደገና ያለሰልሰዋል። ፍሪጅ ውስጥ የጠነከረውም በዚሁ መንገድ ይለሰልሳል፤ ሁለቱም ግን ወዲያው ካልተበሉ መልሰው ይደርቃሉ።

እኔ ፍሪጁን የምመርጠው ሥጋ ወይም ክሬም ላለበት ዳቦ ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ ከልስላሴው ይልቅ አለመበላሸቱ ይቀድማል።