የተቃጠለ ቴሌቪዥናችንን ላነሳልን የደሴ ባለሙያ ምስጋና (ስታቢላይዘር ልትገዙ ያሰባችሁም አንብቡት)

ይሄ ምስጋና ደሴ ውስጥ ለሚሠራ አንድ የቴሌቪዥን ጥገና ባለሙያ ነው። ስሙንና ስልኩን እንዳላወጣ አስምሎኛል። "ያለብኝን ሥራ ሳልጨርስ ሰው አታብዢብኝ" ነው ያለኝ። ስለዚህ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ እጠቁማለሁ። እዚህ የምጽፈው እሱ ያስተማረኝን ነው።

ነገሩ የጀመረው አንድ ቅዳሜ ነው። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ዋለ። ወደ 8 ሰዓት ገደማ ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ ምጣዱን ጣደ። እናቴ ቴሌቪዥኑን ከፍታ ቁጭ አለች። አምስት ደቂቃ አልሞላም፣ የሳሎኑ አምፖል እንደ ፀሐይ ቦግ አለ። "ዛሬስ መብራቱ ጎበዝ ነው" ብላ ሳትጨርስ ቴሌቪዥኑ ጠቅ ብሎ ጠፋ። ከኋላው የተቃጠለ ሽታ መጣ።

እኔ የገረመኝ ቴሌቪዥኑ የተሰካው "ሰርጅ ፕሮቴክተር" የሚል ዲቫይደር ላይ መሆኑ ነው። ቀይ መብራቷ እንደበራች ነበር። ለዚህ ጉዳይ ተብሎ የተገዛ ዕቃ ነው እኮ!

ሰኞ ዕለት ቴሌቪዥኑን ታቅፌ ሄድኩ። ባለሙያው ገና ሳይከፍተው አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፦ "እህቴ፣ ከመጥፋቱ በፊት አምፖሉ ፈዘዘ ወይስ ደመቀ?" ደመቀ አልኩት። "ጎረቤትስ?" እሱን አላውቅም። ስልክ አስደወለኝ። ከአጥር ማዶ ያለችው ጎረቤታችን "የኛማ ጭል ጭል ብሎ እንጀራው ሁሉ ሊጥ ሆነብኝ" አለች። እሱም ራሱን ነቀነቀና "አብሽሪ፣ ገብቶኛል" አለኝ።

የገባውን ለኔም አስረዳኝ። ወደ ሰፈር የሚመጣው መስመር ኃይል የሚያመጡ ሦስት ፌዝ ገመዶችና ኒውትራል የሚባል አንድ የመመለሻ ገመድ አለው። እኛ ቤት አንዱ ፌዝ፣ ጎረቤታችን ጋ ሌላው ይገባል። ኒውትራሉ ግን የጋራችን ነው። እሱ ደህና እስከሆነ ድረስ ሁላችንም 220 አካባቢ እናገኛለን። ምሰሶ ላይ ከላላ ወይም ከተቆረጠ ግን በሁለቱ ፌዞች መካከል ያለውን ወደ 380 የሚጠጋ ቮልት እንደየጭነታችን እንከፋፈለዋለን። ምጣድ የጣደ ቤት ትንሹን ይወስዳል። አምፖልና ቴሌቪዥን ብቻ የከፈተ ቤት ትልቁ ይወርድበታል። በዚያ ቅዳሜ ትልቁ የወረደብን እኛ ላይ ነው። አንዱ ቤት ሲደምቅ ሌላው የሚፈዝ ከሆነ ኒውትራል ጠርጥሩ፣ ቶሎ ዕቃችሁን ንቀሉ አለኝ።

ከዚያ ቴሌቪዥኑን ከፈተው። ፓወር ሰፕላይ ቦርዱ ላይ ፊውዙ ጠቁሯል። አጠገቡ ያለችው ሰማያዊ፣ ሳንቲም የምታክል ክብ ነገር ለሁለት ተሰንጥቃለች። ትልቁ ካፓሲተር አናቱ እንደ ድፎ ዳቦ አብጧል። ጎኑ ላይ 400 ቮልት የሚል ጽሑፍ አለ። "220 ሲገባ እዚህ ውስጥ ተቀይሮ 310 ገደማ ይሆናል። 300 ከገባ ግን ከ420 ያልፋል። ታዲያ እንዴት ይቻለው?" አለኝ። በነገራችን ላይ ይህ ካፓሲተር ከተነቀለ በኋላም ኃይል ይዞ ስለሚቆይ ቤት ውስጥ ለመክፈት አትሞክሩ። እሱ ራሱ እንኳ መጀመሪያ አፍስሶት ነው የነካው።

ቀጥሎ የኔን "ሰርጅ ፕሮቴክተር" አምጪው አለኝ። ብሎኑን ሲፈታው ውስጡ ያቺው ሰማያዊ ክብ አለች፣ እሷም ከሰል ሆናለች። ስሟ ቫሪስተር ነው። ሥራዋ ከሰከንድ ሚሊዮንኛ ጀምሮ የሚቆይ ድንገተኛ ምት ሲመጣ መዋጥ ነው። ራቅ ብሎ መብረቅ ሲወርድ ወይም ትልቅ ሞተር ሲጠፋ የሚፈጠረው ዓይነት። ለዚያ ጥሩ ናት። 300 ቮልት ለደቂቃዎች ሲቆይባት ግን ትግላለች፣ ትቃጠላለች። ከተቃጠለች በኋላ ዲቫይደሩ ኃይል ማሳለፉን አያቆምም። ቀይዋ መብራት ደግሞ የኔው ላይ የምትናገረው ኃይል መኖሩን እንጂ ጥበቃ መኖሩን አይደለም። ዘበኛው ሞቶ በሩ ክፍት ነው ማለት ነው። መቼ እንደሞተም አላወቅንም፤ ምናልባት ያን ቅዳሜ፣ ምናልባትም ካለፈው ክረምት ጀምሮ።

ጥገናው ሁለት ቀን ፈጀ። ፊውዙን፣ ቫሪስተሩን፣ ካፓሲተሩንና አንድ የኃይል ትራንዚስተር ቀየረ። ስክሪኑና ዋናው ቦርድ ተርፈዋል። ልወስድ ስሄድ ያየሁት ነገር ግን አሁንም ከዓይኔ አልጠፋም። ቴሌቪዥኑን በቀጥታ አልሰካውም። መጀመሪያ አሮጌ ባለ 100 ዋት አምፖል በመስመሩ መካከል አስገባ። "ውስጡ ሾርት ካለ አምፖሉ ሙሉ ይበራል፣ የቀየርኩት ዕቃም ይተርፋል" አለ። ሰካው። አምፖሉ ብልጭ አለና ወዲያው ደብዘዝ አለ። ያን ጊዜ ነው ፈገግ ያለው። ስንት ቦታ ዕቃ ወስጄ "ሰክተን እንየው" ተብዬ ዳግመኛ እንደተቃጠለብኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ያስከፈለኝ የአዲስ ቴሌቪዥን አንድ አስረኛ እንኳ አይሞላም። ከሁሉ በላይ ያመሰገንኩት ግን ከዚያ በኋላ ስላደረገው ነው። "ስታቢላይዘር የት ልግዛ?" ስለው "ቤትሽን ሳልለካ ግዢ አልልሽም" አለኝ።

ቴስተሩን ይዞ ቤት መጣ። እናቴ ቡናውን አቀራርባ "ጀባ ልበልህ ልጄ" ብላ አስቀመጠችው። "እማማ፣ መጀመሪያ ይችን ልጨርስ" እያለ ሶኬቱን ለካ። 221። ጎረቤታችን ምጣዷን እንድትከፍት አደረገ። የኛ ወደ 248 ወጣ። ምጣዱ ሲጠፋ ተመለሰ። "አየሽ? አሁንም ላልቷል" አለ። ለሚመለከታቸው አመለከትን፤ የመስመር ሠራተኞች ወጥተው ምሰሶው ላይ የላላውን ማያያዣ ቀየሩት። ከዚያ በኋላ ምጣዱ ሲከፈት የኛ ቮልት አልነቃነቅ አለ። ይሄ ሳይስተካከል ስታቢላይዘር መግዛት ቀዳዳውን ሳይደፍኑ ውኃ መቅዳት ነበር።

ከዚያ ቴስተሩን አውሶኝ ለአንድ ሳምንት እንድጽፍ አዘዘኝ። ማታ 2 ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ምድጃና ምጣድ ሲከፍት፣ እስከ 163 ይወርዳል። ሌሊት 6 ሰዓት ደግሞ 238 ይደርሳል። ወረቀቱን አይቶ እንዲህ አለኝ፦

"ለቴሌቪዥንሽ ዝቅ ማለቱ ብዙም አይጎዳውም። ጀርባው ላይ ያለውን ወረቀት አንብቢ፣ ከ100 እስከ 240 ይላል። የሚገድለው ከፍ ማለቱ ነው። ከፍ ሲል የሚቆርጥ ትንሹ ጋርድ በቂ ይሆን ነበር። ግን ጋርዱ ወደ 180 ሲወርድም ይቆርጣል። ያንቺ ቤት ማታ 163 ነው። እናትሽ ዜና የሚያዩበት ሰዓት ላይ ጠፍቶ ሊያመሽ ነው።"

ለኔ ከተናገራቸው ሁሉ ይቺ ናት የበለጠችብኝ። ሱቅ ሄጄ ቢሆን ትልቁን ይሸጡልኝ ነበር። እኔም ባለ 5000 ቪኤ ገዝቼ ፍሪጁንም ምጣዱንም ልሰካበት አስቤ ነበር። ቴሌቪዥናችን 43 ኢንች ነው፤ እሱና ሪሲቨሩ አንድ ላይ 100 ዋት አካባቢ ቢበሉ ነው። ባለ 500 ቪኤ ይበቃል አለ፤ ለመተንፈሻ ባለ 1000 ገዛን። ፍሪጁን አብሬ እንዳልሰካ አስጠነቀቀኝ። ኮምፕረሰሩ ሲነሳ የሚስበው በሥራ ላይ ከሚስበው ብዙ እጥፍ ስለሆነ በተነሳ ቁጥር ስታቢላይዘሯን ያንገላታታል። ምጣድማ ስሙም አይነሳ።

ሲመርጥ ያየው መጠኑን ብቻ አይደለም። ሳጥኑ ላይ "የሚቀበለው ከ140 እስከ 260" የሚለውን ነው የፈለገው። የኔ 163 እና 238 እዚያ ውስጥ ይገባሉ። ከ180 የሚጀምር ዓይነት ብገዛ ማታ ማታ አይረዳኝም ነበር። ደግሞ የፊቱን ቁጥር አላመነም። ማሳያው 220 እያለ መውጫውን በቴስተሩ ለካ፤ 211 ነው። "ይሄ ይሁን፣ ሪሌ ያለው ዓይነት በደረጃ ነው የሚዘለው፤ ጥቂት ይዛነፋል" አለ። ማሳያው ላይ 220 የማይለወጥ ሆኖ መውጫው 250 የሆነ ዕቃ አይቶ ያውቃል።

ከስታቢላይዘሯ ጎን መብራት ሲመለስ ኃይል ከመልቀቋ በፊት የምትቆይበትን ጊዜ የሚመርጥ ማብሪያ አለ፤ 6 ሰከንድና 180 ሰከንድ ይላል። ረጅሙ ለፍሪጅ ነው የሚባለው። እሱ ግን ለቴሌቪዥንም ረጅሙን አደረገልን። ምክንያቱ የኛ መብራት ሲመለስ አንዴ መጥቶ አይቀርም፤ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ እንደገና ይመጣል። ሦስት ደቂቃ ከታገሰች ያ ሁሉ ግርግር ያልፋል።

ስታቢላይዘሯም ሁሉን ትችላለች አላለም። ኒውትራል ጭራሹን ተቆርጦ 300 እና ከዚያ በላይ ከመጣ ትቆርጣለች፣ ራሷ ግን ልትቃጠል ትችላለች። "ከቴሌቪዥኑ እሷ ትረክሳለች" አለ። መብረቅን በተመለከተ ደግሞ ምንም ዕቃ አላመነም። ክረምት ጦሳ ተራራ ላይ ደመናው መጥቆር ሲጀምር፣ ነጎድጓዱ ቅርብ ከመድረሱ በፊት፣ ሶኬቱንም የዲሹን ገመድም ንቀሉ ይላል። ብዙ ሰው ሶኬቱን ነቅሎ የዲሹን ገመድ ይረሳል፤ በዚያ በኩል ገብቶ ሪሲቨርንና ቴሌቪዥንን የሚያቃጥለው ቀላል አይደለም። መብረቁ ከደረሰ ግን ገመድ አትንኩ።

አሁን አራት ወር ሆነ። ማታ 2 ሰዓት ሲሆን ስታቢላይዘሯ ጠቅ፣ ጠቅ ትላለች፤ ሪሌዋ ደረጃ ስትቀይር ነው። መጀመሪያ እናቴ እየደነገጠች ሶኬቱን ትነቅል ነበር። አሁን ለምዳዋለች። ጠቅ ባለች ቁጥር "ምጣድ ተጣደ" ትላለች።

ወደ እሱ የምትሄዱ ሰዎች፣ ሪሞቱን ይዛችሁ ሂዱ፤ እኔ ረስቼ ዳግመኛ ተመልሻለሁ። የምትሰኩበትን ዲቫይደርም ውሰዱለት፣ ከፍቶ ያይላችኋል። አርብ እኩለ ቀን ላይ ለሶላት ስለሚዘጋ ከ9 ሰዓት በኋላ ታገኙታላችሁ።