«ዳታፍሎውን እኛ እንጨርስልሻለን» ለምትባሉ ነርሶች

ሰሞኑን በነርሶች መካከል አንድ የደላሎች ማስታወቂያ ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር አያለሁ። «ዳታፍሎው፣ ፕሮሜትሪክ፣ የዱባይ ላይሰንስ፣ ሥራ፤ ሁሉም በአንድ ፓኬጅ። የሥራ ልምድ ላልሞላላችሁም እናስተካክላለን።» የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ኪሳችሁን ነው የሚነካው። ሁለተኛው ግን ሙያችሁን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ።

ዳታፍሎው ራሱ ፈቃድ ሰጪ አይደለም። የዱባይ ጤና ባለሥልጣን፣ የሳዑዲ የጤና ሙያዎች ኮሚሽንና ሌሎችም የባሕረ ሰላጤው አገር ተቆጣጣሪዎች የሰነድ ማጣራቱን ሥራ የሚያሠሩት ድርጅት ነው። ዲግሪያችሁን፣ የሙያ ፈቃዳችሁን፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁንና የመልካም ሥነ ምግባር ምስክር የሆነውን ጉድ ስታንዲንግ ስካን አድርጋችሁ ትጭናላችሁ። «ሰነዴን ከሰጪው አካል እንድታጣሩ ፈቅጃለሁ» የሚል ወረቀት ላይም ትፈርማላችሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ እናንተ ጋ አይደለም። ድርጅቱ በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር፣ ለሆስፒታሉ የሰው ኃይል ክፍል፣ ፈቃዱን ለሰጠው መሥሪያ ቤት ይጽፋል። «ይህን ወረቀት እናንተ ናችሁ የሰጣችሁት? ቀኑ ልክ ነው? ስሙ ልክ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የሚመጣው መልስ ሪፖርት ይሆናል።

እንግዲህ ደላላው እዚህ መሃል ምን ይሠራል? ፎርም ይሞላል። ክፍያውን በካርድ ይከፍላል። በቃ። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ካርድ ማጣት እውነተኛ ችግር ነው፣ እሱን አልክድም። ውጭ ያለ ዘመድ ካላችሁ ግን ያንን በደቂቃ ይጨርስላችኋል። ሬጅስትራሩ የሚሰጠውን መልስ የሚያፋጥን «የውስጥ ሰው» አለን የሚላችሁ ሰው የሌለውን ነገር እየሸጠላችሁ ነው። የውስጥ ሰው በእርግጥ ቢኖረው እንኳን የባሰ ነው።

አብራኝ የሠራች አንዲት ሲስተር የደረሰባትን ላውራችሁ። ፈቃዷን ያወጣችው ነሐሴ 2011 ነው። በመስከረም 2012 አንድ ሆስፒታል ተቀጠረች፣ ሚያዝያ 2013 ለቀቀች። የአንድ ዓመት ከሰባት ወር ልምድ ነው ያላት። የፈለገችው ቀጣሪ ግን ሁለት ዓመት ይጠይቃል። ደላላው «አታስቢ» አላት። የሆስፒታሉን ደብዳቤ ወስዶ መነሻውን መጋቢት 2011 አደረገው። ማኅተሙ፣ ፊርማው፣ የወረቀቱ ራስጌ ሁሉ ልክ እንደ እውነተኛው ነው። እሷም ደብዳቤውን ያየችው ከተጫነ በኋላ ነው፤ «ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው» ተባለች።

አሁን አንድ አጣሪ ይህን ፋይል ሲከፍት ምን እንደሚያይ አስቡት። ፈቃዷ ከነሐሴ 2011 ጀምሮ ነው። ልምዷ ከመጋቢት 2011 ይጀምራል። ስለዚህ አምስት ወር ያህል ያለ ፈቃድ ነርስ ሆና ሠርታለች ማለት ነው። ማንም ሰው ሆስፒታሉ ድረስ ሳይደውል እዚያው ጠረጴዛ ላይ የሚታይ ነገር ነው። ሲደወል ደግሞ የሰው ኃይል ክፍሉ ፋይሏን አውጥቶ እውነተኛውን የቅጥር ቀን ላከ። እነሱ ምንም አላጠፉም፣ የተጠየቁትን ነው የመለሱት። ሪፖርቱ «ኔጌቲቭ» ሆኖ ወጣ።

የሚያሳዝነው እሷ ይህን ያወቀችው ብዙ ቆይታ ነው። አካውንቱ የተከፈተው በደላላው ኢሜይልና ስልክ ነበር። የማብራሪያ ጥያቄውም፣ ውጤቱም የሚሄደው ወደ እሱ ነው። «አሁንም በሂደት ላይ ነው» እያለ ያቆያት ነበር። በመጨረሻ ስልኩን ዘጋው።

የእሷ ዲግሪ እውነተኛ ነው። ፈቃዷ እውነተኛ ነው። ያ አንድ ዓመት ከሰባት ወርም እውነተኛ ነው፤ አነስ ያለ ልምድ የሚቀበል ቀጣሪ ጋ ለብቻው ይበቃት ነበር። አሁን ግን በስሟ የተጭበረበረ ሰነድ የቀረበበት መዝገብ አለ። ሌላ የባሕረ ሰላጤ አገር ብታመለክትም ብዙዎቹ የሚያጣሩት በዚያው ድርጅት ስለሆነ «እዚያ ካልሆነ እዚህ» ማለት አይሠራም። ይግባኝ ማለት ይቻላል። ይግባኝ የሚያዋጣው ግን ሰጪው አካል ተሳስቶ ሲመልስ ነው። እዚህ ሆስፒታሉ አልተሳሳተም።

ቀን ካነሳን አይቀር፣ ሐቀኛ ሰውም የሚሰናከልበት አንድ ነገር አለ። የእኛ ደብዳቤዎች ብዙ ጊዜ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፋሉ። «ከመስከረም 2012» የሚለውን ፎርም ላይ 2012 ብላችሁ ከሞላችሁት፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 2012 ሆነ ማለት ነው። እውነተኛው ሴፕቴምበር 2019 ነው። ሰባት ዓመት የሌለ ልምድ ጨመራችሁ ማለት ነው። ፎርሙን ለሚሞላው ደላላ ይህ ግድ አይሰጠውም። ደብዳቤውን ስታስጽፉ ሁለቱም አቆጣጠር በግልጽ ይቀመጥ። የስም አጻጻፍም እንዲሁ። ፓስፖርቱ ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ፊደል ዲግሪው ላይ ካለው በአንድ ፊደል ከተለያየ፣ ከመጫናችሁ በፊት ከትምህርት ቤቱ ማብራሪያ ደብዳቤ አውጡ።

ሌላው የሚሸጠው ነገር ጉድ ስታንዲንግ ነው። «በሦስት ቀን እናወጣለን» ይላሉ። ይህ ወረቀት «ባለሙያው በእኛ መዝገብ አለ፣ የዲሲፕሊን ጉዳይ የለበትም» ብሎ የሚመሰክር ነው። ሊሰጥ የሚችለው መዝገቡን የያዘው አካል ብቻ ነው። ብዙ ተቀባዮች ከወጣ 6 ወር ያላለፈውን ነው የሚፈልጉት። ስለዚህ ገና ፕሮሜትሪክ የሚባለውን ፈተና ሳታስቡ አስቀድማችሁ አውጡት የሚላችሁ ሰው ሁለት ጊዜ ሊያስከፍላችሁ ነው።

እዚህ ጋ የእኛ አገር የራሱ ጣጣ አለው። ቀደም ብለው የተመዘገቡ ብዙ ነርሶች ፈቃዳቸው ላይ ያለው ማኅተም የድሮው የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ ተቆጣጣሪ የፋምሃካ ነው። አዋጅ 1112/2011 ከወጣ በኋላ ያ መሥሪያ ቤት የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሆኗል፣ የባለሙያ ምዝገባና ፈቃድ ሥራው ደግሞ ወደ ጤና ሚኒስቴር ሄዷል። ከክልል ጤና ቢሮ ወይም ከአዲስ አበባ የወሰዱም አሉ። ደላላው ፈቃዱ ላይ የተጻፈውን የድሮ ስምና አድራሻ ገልብጦ ይሞላል። ጥያቄው አሁን ይህን ሥራ ወደማይሠራ ቢሮ ይሄዳል፣ የሚመልስ ይጠፋል። ውጤቱ «ማጣራት አልተቻለም» ይሆናል።

ይህ ከ«ኔጌቲቭ» ጋር አንድ አይደለም፤ ብዙ ሰው ያምታታዋል። «ኔጌቲቭ» ማለት ሰጪው «ይህ ወረቀት ልክ አይደለም» አለ ማለት ነው። «ማጣራት አልተቻለም» ማለት ግን መልስ አልተገኘም ማለት ነው። ሁለተኛው ይስተካከላል። መድኃኒቱ ደላላ ሳይሆን እግር ነው። ከማመልከታችሁ በፊት ፈቃዱን የሰጠው አካል ዛሬ የት እንዳለ፣ መዝገባችሁ ወደ አዲሱ ሥርዓት መግባቱን፣ የማጣራት ጥያቄ የሚቀበለው የትኛው የሥራ ክፍልና የትኛው ኢሜይል እንደሆነ በአካል ሄዳችሁ ጠይቁ። ሬጅስትራርና ሆስፒታሉ ጋም ያው። የሰው ኃይል ኃላፊዋን «እንዲህ የሚል ኢሜይል ይመጣል፣ አይታለፍብኝ» ብላችሁ ብትነግሯት፣ ማንም ኤጀንሲ የማይሠራውን ሥራ ሠራችሁ።

«ውጭ ጉዳይ የተመታበት ነው፣ ምን ይጣራል?» የሚሉም አሉ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም ሰነዱ ላይ ያለውን ፊርማና ማኅተም ያረጋግጣል። የመጀመሪያውን ሰጪ ጠይቆ ማጣራትን አይተካም። ሁለቱም ሊጠየቁ ይችላሉ፣ አንዱ ስላለ ግን ሌላው አይቀርም። አሜሪካ ለምታስቡትም መንገዱ በባሕርዩ ያው ነው። የውጭ ነርሶችን ሰነድ የሚገመግመው፣ በቅርቡ ስሙን ትሩሜሪት ያለው ሲጂኤፍኤንኤስ የፈቃድ ማረጋገጫን ከተመዝጋቢዋ እጅ አይቀበልም፤ ከፈቃድ ሰጪው በቀጥታ መምጣት አለበት። ስለዚህ «ወረቀቱን አምጪው፣ እኛ እንልከዋለን» የሚል ኤጀንት ሲገጥማችሁ ወሬው ውሸት መሆኑን እዚያው ታውቃላችሁ።

«የዱባይ ላይሰንስ እናስይዛለን» የሚለውንም ልጥቀስ። ማጣራቱ አልፎ፣ ፈተናውን አልፋችሁ የምታገኙት የብቁነት ደብዳቤ ነው። ፈቃዱ የሚነቃው የዱባይ ጤና ተቋም ቀጥሯችሁ እሱ ሲያመለክት ነው። ሥራ ሳይኖር «ላይሰንስ ይዣለሁ» ብሎ ነገር የለም። ደብዳቤው ደግሞ ቀን ያልፍበታል። ደላላው በውሉ ላይ «ላይሰንስ» ብሎ ከጻፈ፣ ደብዳቤውን አስረክቦ «ጨርሻለሁ» ይላችኋል። ሥራ የሚባለው ነገር ወሬ ሆኖ ይቀራል።

ለሥራ የሚልካችሁ ኤጀንሲ ከሆነ ደግሞ ፈቃዱን ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር አጣሩ። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጁ መሠረት የቪዛና የጉዞ ትኬት ወጪ የቀጣሪው ነው፤ ሠራተኛው የሚሸፍናቸው እንደ ፓስፖርትና የጤና ምርመራ ያሉት ናቸው። «የቪዛ ብር አምጪ» ካላችሁ ደረሰኝ ጠይቁት። ፊቱን እዩት።

ሰነዳችሁን ቀድማችሁ ለሰጣችሁ፦ ዛሬውኑ የኬዝ ቁጥሩን ጠይቁ። አካውንቱ በማን ኢሜይል እንደተከፈተ ጠይቁና ወደ ራሳችሁ አስቀይሩ። የተጫነውን እያንዳንዱን ፋይል አስልካችሁ ቤት ካለው ኦርጅናል ጋር ቀን በቀን አስተያዩ። ያልጻፈላችሁ ሆስፒታል ደብዳቤ ወይም የተለወጠ ቀን ካገኛችሁ፣ ውጤቱ እስኪወጣ አትጠብቁ። ራሳችሁ ለድርጅቱ ጽፋችሁ «ይህን ሰነድ እኔ አላቀረብኩም» በሉ፣ እውነተኛውንም አያይዙ። ኬዝ ቁጥሩን አልሰጥም ካለ፣ የከፈላችሁበትን የባንክ ደረሰኝና የተጻጻፋችሁትን መልእክት ስክሪንሾት ይዛችሁ ፖሊስ ጋ ሂዱ፤ መልእክቱን ከመሰረዙ በፊት።