«ሜካኒካል ነው» የተባለ ኪቦርድ ሳትፈትኑ እንዳትገዙ

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ያለ አንድ የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫ ለጎረቤቴ ልጅ «ባለ ቡናማ ስዊች ሜካኒካል» ብሎ የላስቲክ ኪቦርድ ሸጦላታል። ልጅቷ ማታ ማታ ጽሑፍ እየተየበች የምትተዳደር ናት። ለመመለስ ስትሄድ «የተከፈተ ዕቃ አይመለስም» ተባለች። ይህ በጣም ያናድዳል፤ ሌላ ሰው ላይ እንዳይደገም ነው የምጽፈው።

በእውነተኛ ሜካኒካል ኪቦርድ እያንዳንዱ ቁልፍ ሥር የራሱ ሞላ ያለው ስዊች አለ፤ በላስቲክ ኪቦርድ ግን ከቁልፎቹ ሥር ያለው ሲጫኑት የሚሰምጥ ላስቲክ ነው። በሜካኒካሉ ቁልፉ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ፊደሉ የሚጻፈው ግን ግማሽ መንገድ፣ 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ነው። ሦስቱ ዓይነቶች የሚለያዩት ጣታችሁ በዚያ ጉዞ ላይ በሚያገኘው ነገር ነው። ሊኒየር ከላይ እስከ ታች ያለ ምንም እንቅፋት ይወርዳል። ታክታይል መሃል ላይ ትንሽ ጉብታ አለው፤ ፊደሉ መጻፉን ጣት ያውቀዋል። ክሊኪ ከጉብታው በተጨማሪ ሆን ተብሎ የተሠራ «ቀጭ» የሚል ድምፅ አለው። ድምፁ የሚወጣው ከስዊቹ ውስጥ ስለሆነ ቀስ ብሎ በመጫን አይጠፋም። ሕፃን በተኛበት ክፍል ወይም ግድግዳው ስስ በሆነ ኮንዶሚኒየም ማታ የሚሠራ ሰው ክሊኪን ባይገዛ ይሻለዋል። ሊኒየርም ቢሆን ቁልፉ ወለሉን ሲመታ ይሰማል፤ «ምንም ድምፅ የለውም» የሚላችሁን ሻጭ አትመኑ።

አሁን ወደ ፈተናው። ኪቦርዱን ከላፕቶፕ ጋር እንዲሰኩላችሁ ጠይቁ፤ ኖትፓድ ክፈቱና አንድ ቁልፍ በጣም ቀስ ብላችሁ ተጫኑ። ሜካኒካል ከሆነ ፊደሉ ከታየ በኋላም ቁልፉ ገና የሚወርድበት ቦታ ይቀረዋል። ፊደሉ ሲታይ ጣታችሁ ምንም ካልተሰማው ሊኒየር ነው፤ እዚያው አካባቢ ጉብታ ካለ ታክታይል፣ ድምፅም ከተጨመረ ክሊኪ። የልጅቷን ኪቦርድ በዚህ መንገድ ስሞክረው ቁልፉ መጀመሪያ ደንደን አለ፣ ከዚያ በአንዴ ሰመጠ፣ ፊደሉም የታየው ወለሉን ሲነካ ብቻ ነው። የላስቲክ ጠባይ ይኸው ነው። ሻጩ «ጉብታው ይኸው» ያላትም ያንኑ የላስቲክ መስመጥ ነበር። የቁልፉን ክዳን ስነቅለው በእርግጥም ከሥሩ ስዊች አልነበረም። ክዳን ነቅሎ በማየት ብቻ ግን አትተማመኑ፤ አንዳንድ የላስቲክ ኪቦርዶች ባለ ቀለምና የመስቀል ቅርጽ ያለው ጫፍ ተሠርቶላቸዋል። ካርቶኑ ላይ «ሜካኒካል ፊል» የሚል ካያችሁም ስዊች አለው ማለት አይደለም።

ቀይ ሊኒየር፣ ቡናማ ታክታይል፣ ሰማያዊ ክሊኪ መባሉ የጀርመኑ ቼሪ ኩባንያ ያስለመደው ነው። ብዙዎች ቢከተሉትም ሌሎች አምራቾች የራሳቸው ቀለሞች ስላሏቸው ቀለም ሳይሆን ዓይነቱን ጠይቁ። ከመክፈላችሁ በፊት ደረሰኙ ላይ «ሜካኒካል፣ ታክታይል» ወይም የመረጣችሁት ዓይነት በግልጽ እንዲጻፍ አድርጉ። አልጽፍም የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።