ከሥራ ስትወጡ ኮብራ ወይስ ሜዲኬር? ለባል አንድ፣ ለሚስት ሌላ

አጎቴ ዋሽንግተን አካባቢ አንድ ሆቴል ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርተው በሜይ 2024 መጨረሻ ጡረታ ወጡ። ዕድሜያቸው 66 ነበር። ብዙም ሳይቆይ አንድ ወፍራም ፖስታ መጣላቸው። የሥራ ቤቱን ኢንሹራንስ እስከ 18 ወር ማቆየት ይችላሉ ይላል፣ ሙሉውን ራሳቸው ከከፈሉ። ኮብራ የሚሉት እሱ ነው። ካርዱ ያው፣ ሐኪሙ ያው። ፈረሙ። እኛም ጥሩ አደረጉ አልን።

ዋጋው ነው መጀመሪያ ያስደነገጣቸው። ሥራ ላይ እያሉ ከደመወዛቸው የሚቆረጠው ትንሽ ነበር፤ ትልቁን ድርሻ አሠሪው ነበር የሚሸፍነው። በኮብራ ግን የሁለቱም ድርሻ እርስዎ ላይ ይወድቃል፣ እላዩ ላይ 2 በመቶ ይጨመራል። ቢሆንም ዋናው ጉዳት ዋጋው አልነበረም።

65 ዓመት ሲሞላ የመንግሥቱ የአረጋውያን ጤና ኢንሹራንስ፣ ሜዲኬር ውስጥ ለመመዝገብ ሰባት ወር ይሰጣል፦ ከልደት ወር በፊት ሦስት፣ የልደቱ ወር፣ ከዚያ በኋላ ሦስት። ሆስፒታል የሚሸፍነው ፓርት ኤ፣ እርስዎ ወይም ባለቤትዎ አሥር ዓመት ያህል ታክስ እየከፈሉ ከሠሩ ወርሃዊ ክፍያ የለውም። ሐኪሙን፣ ላቦራቶሪውን፣ ራጁን የሚሸፍነው ፓርት ቢ ግን ይከፈልበታል፣ በ2026 መደበኛው በወር 202.90 ዶላር ነው። 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው የሥራ ቤት ውስጥ እየሠሩ በሥራው ኢንሹራንስ የሚታከሙ ከሆነ ፓርት ቢን ያለ ቅጣት ማዘግየት ይቻላል። (ከ20 በታች ሠራተኛ ያለው ሬስቶራንት ወይም ሱቅ ውስጥ ከሆኑ ግን አይጠብቁ። እዚያ መጀመሪያ ከፋዩ ሜዲኬር ነው፣ ሥራ ላይ እያሉም ቢሆን።)

ሥራ ሲያቆሙ ስምንት ወር ይሰጥዎታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ስምንቱ ወር የሚቆጠረው ሥራው ወይም የሥራው ኢንሹራንስ ካቆመበት ነው፣ ኮብራ ካለቀበት አይደለም። ኮብራ ካርዱ ቢመሳሰልም «የሚሠራ ሰው ኢንሹራንስ» አይባልም። አሠሪው ለጡረተኞች የሚሰጠው ፕላንም እንደዚያው ነው።

የአጎቴ ስምንት ወር ጃንዋሪ 31 ቀን 2025 አለቀ። እሳቸው ኮብራ ይዘው ተረጋግተው ተቀምጠዋል። የሚያናድደኝ ደግሞ ፍንጩ በእጃቸው መምጣቱ ነው። ዲሴምበር 2024 ጉልበታቸውን ኤምአርአይ ተነሱ፣ ኢንሹራንሱ ግን አብዛኛውን አልከፍልም አለ፣ «መጀመሪያ መክፈል ያለበት ፓርት ቢ ነው» ብሎ። ሜዲኬር የሚገባው ሰው ኮብራ ሲይዝ ኮብራ ሁለተኛ ከፋይ ነው፤ ፓርት ቢ ባይኖርዎትም እንዳለዎት አድርጎ የሱን ድርሻ ሊቀንስ ይችላል። ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ያን ቀን አንድ ሰው ቢያነብላቸው ኖሮ ገና ከአንድ ወር በላይ ነበራቸው።

ኮብራው ኖቬምበር 30 ቀን 2025 አለቀ። ፓርት ቢ ልመዝገብ ሲሉ አሁን አይሆንም፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 ነው ተባሉ። በጃንዋሪ 2026 ተመዘገቡ፣ ከፌብሩዋሪ 1 ጀመረላቸው። ሁለት ወር ለሐኪም መሸፈኛ ሳይኖራቸው ከረሙ። ቅጣቱ ለእያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር መዘግየት 10 በመቶ ነው። እሳቸው ከአንድ ዓመት በላይ ከሁለት በታች ስለዘገዩ 10 በመቶ ተጣለባቸው፣ በወር ወደ 20 ዶላር። ትንሽ ይመስላል፣ ግን ዕድሜ ልክ ነው፤ የፓርት ቢ ዋጋ ሲጨምርም አብሮ ይጨምራል።

ስለዚህ ከ65 በላይ ላለ ሰው ኮብራና ሜዲኬርን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው፣ በኔ እይታ ምርጫም የለውም። ፓርት ቢ ይያዙ። አሠሪው CMS-L564 የሚባለውን ቅጽ ይሞላል፣ እስከ መቼ በሥራው ኢንሹራንስ እንደነበሩ የሚመሰክር ነው። እርስዎ CMS-40B ይሞላሉ። ሁለቱን ከመውጣትዎ በፊት ያስጨርሱ፤ ከወጡ በኋላ የሠራተኛ ክፍሉ ስልክ አያነሳም። ኮብራን ምናልባት ለጥርስ ወይም ለዓይን ብቻ ለይቶ የሚሰጥ ከሆነ ያስቡበት።

ለሚስታቸው ግን ነገሩ ይገለበጣል። እሷ ያኔ 61 ዓመቷ ነበር፣ በሱ ኢንሹራንስ ነበር የምትታከመው። ሜዲኬር የቤተሰብ ካርድ የለውም። የሷ ምርጫ ኮብራ ወይም ማርኬትፕሌስ፣ ማለትም መንግሥት ያቋቋመው የኢንሹራንስ መግዣ ነው። ማርኬትፕሌስ የሥራው ኢንሹራንስ ካለቀ በ60 ቀን ውስጥ ያስመዘግባል፣ ክፍያውም በቤተሰቡ ገቢ ይታያል፤ ደመወዝ ቆሞ የጡረታ ቼክ ብቻ ሲቀር ድጎማ የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። ኮብራ የሚያዋጣት ሕክምና መሃል ላይ ከሆነችና ሐኪሟን መቀየር ካልፈለገች፣ ወይም የዓመቱን የራሷን ድርሻ ከፍላ ከጨረሰች ነው። ማርኬትፕሌስ ስትገባ ያ ድርሻ ከዜሮ ይጀምራል። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ኮብራ ይዛ፣ 60 ቀኑ ካለፈ በኋላ ተወደደብኝ ብላ በፈቃዷ ብትተው፣ ማርኬትፕሌስ ወዲያው አይቀበላትም፤ ኖቬምበር ላይ የሚከፈተውን ምዝገባ ትጠብቃለች። በሌላ በኩል ባል ከመውጣቱ ስድስት ወር በፊት ሜዲኬር ይዞ ከሆነ፣ የሚስት ኮብራ ከ18 ወር ወደ 30 ወር ይረዝማል። ይህን ብዙ አሠሪ አይናገርም፣ ጠይቁ።

ባል ፓርት ቢ ከያዘ በኋላ ሌላ ምርጫ ይመጣል፦ ሜዲጋፕ ወይስ አድቫንቴጅ። አድቫንቴጅ ሜዲኬርን በግል ኩባንያ በኩል የሚሰጥ ፕላን ነው፤ ብዙ ጊዜ ከፓርት ቢ ውጭ ወርሃዊ ክፍያ የለውም፣ ጥርስና መነጽርም ይጨምራል፣ ግን የራሱ ሐኪሞች ዝርዝር አለው፣ ለብዙ ነገርም አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል። ሜዲጋፕ ሜዲኬር ከፍሎ የሚተርፈውን ድርሻ የሚሸፍን ተጨማሪ ኢንሹራንስ ነው፤ በየወሩ ይከፈልበታል፣ መድኃኒት አይሸፍንም (ፓርት ዲ ለብቻው ይገዛል)፣ በምትኩ ሜዲኬር የሚቀበል ሐኪም ሁሉ ይቀበልዎታል። ሜዲጋፕን ያለ ጤና ጥያቄ የሚገዙት ፓርት ቢ በጀመረ ስድስት ወር ውስጥ ነው። ከዚያ ካለፈ በብዙ ስቴት ኩባንያው የስኳርና የልብ ታሪክዎን አይቶ እምቢ ሊል ይችላል።

እኛን በተለይ የሚነካው አገር ቤት መመላለሱ ነው። ሜዲኬር አዲስ አበባ ላይ አይከፍልም። እንደ ጂ ያሉ አንዳንድ የሜዲጋፕ ፕላኖች ግን ውጭ አገር ድንገተኛ ሕክምና ላይ፣ 250 ዶላር ከከፈሉ በኋላ 80 በመቶውን ይሸፍናሉ። ጣሪያው በዕድሜ ልክ 50,000 ዶላር ነው፣ የሚሠራውም ሕመሙ ከጉዞው የመጀመሪያ 60 ቀን ውስጥ ከጀመረ ብቻ ነው። አድቫንቴጅ የያዘ ሰው ደግሞ ከአካባቢው በተከታታይ ከስድስት ወር በላይ ከራቀ ብዙውን ጊዜ ከፕላኑ ይወጣል። አገር ቤት ልኑር ብለው ፓርት ቢን የሚያቋርጡም አሉ። ሦስት ዓመት ቆይተው ሲመለሱ ጃንዋሪን መጠበቅ፣ ከዚያም 30 በመቶ ቅጣት።

አጎቴ በፌብሩዋሪ ሜዲጋፕ ጂ ያዙ። ለፋሲካ አዲስ አበባ ሲሄዱ የመልስ ቲኬታቸውን 55ኛው ቀን ላይ አስቆረጡ።